ጽሑፉ ሲቃና ውሉ እንዳይጣመም

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ለማንበብ ይከብዳል። በ“እያሳሰብን” ይጀመርና በ“ሲሆን” ይቀጥላል፤ “መሆኑን እናስታውቃለን” ላይ እስኪደርስ ድረስ አራት ነጥብ የሚባል ነገር አይታይም። ስለዚህ አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ለደንበኞቹ የሚልካቸውን 300 ደብዳቤዎች ማንም ሰው በሚገባው አማርኛ እንደ አዲስ ላስጽፍ ብሎ ቢነሣ ደግ ሥራ ነው። ጸሐፊዎቹ ረጃጅሙን ዐረፍተ ነገር ይቆርጣሉ፣ የተደጋገመውን ያወጣሉ፣ “ክቡር ሆይ”ን “ውድ ደንበኛችን” ያደርጉታል። ሁሉም ሲያልቅ ክምሩ ለፊርማ ይቀርባል።

በዚያ ክምርና በፊርማው መካከል አንድ ሥራ አለ። እያንዳንዱን አዲስ ደብዳቤ ከዋናው ጋር ማመሳከር ነው። ፊደል ለማረም ወይም ቋንቋውን ለማሳመር አይደለም። ጸሐፊው ሳያስበው ቀን ተለውጦ፣ ገንዘብ ጨምሮ ወይም ጎድሎ፣ አንዱ ወገን የገባው ግዴታ ላልቶ ወይም ጠብቆ እንደሆነ ለማየት ነው። ያላማረ ዐረፍተ ነገር አንባቢውን ቢያሰለች ነው፤ የተለወጠ ቀን ግን ቤት ሊያሳጣው ይችላል።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ደብዳቤ እንውሰድ። ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ ምሳሌ ቢሆንም በውስጡ ያሉት ስህተቶች በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ደጋግሞ የሚያገኛቸው ናቸው። ዋናው እንዲህ ይላል፦

“በቀን 12/02/2017 ዓ.ም. በተፈራረምነው የብድር ውል መሠረት ያልተከፈለውን ብር 48,650 (አርባ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ብር) ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በሚቆጠር 15 የሥራ ቀናት ውስጥ ገቢ እንዲያደርጉ እያሳሰብን፣ ክፍያው በተጠቀሰው ጊዜ ውስጥ ከተፈጸመ ተቋሙ የቅጣት ወለዱን ግማሽ የሚያነሣ ሲሆን፣ ይህ ካልሆነ ግን ጉዳዩን ወደ ሕግ ክፍል ሊመራው የሚችል መሆኑን እናስታውቃለን።”

አዲሱ ደግሞ እንዲህ፦

“ውድ ደንበኛችን፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈራረምነው የብድር ውል 48,560 ብር ቀሪ ዕዳ አለብዎት። ይህን ገንዘብ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲከፍሉ እንጠይቃለን። በጊዜው ከከፈሉ የቅጣት ወለዱ ሊነሣልዎት ይችላል። ካልከፈሉ ጉዳዩን ወደ ሕግ ክፍል እንመራዋለን።”

ሁለተኛው ለማንበብ ይቀላል፤ ያለ ጥርጥር የተሻለ አማርኛ ነው። ግን በአራት ዐረፍተ ነገር ውስጥ አምስት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ይናገራል።

ከቀኑ እንጀምር። በዋናው ላይ ያለው 02 በእኛ አቆጣጠር ሁለተኛው ወር ነው፤ ጥቅምት ማለት ነው። ጸሐፊው ቁጥሩን በወር ስም ሲተካ በሐሳቡ የመጣችው የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር ፌብሩዋሪ ነበረች፤ ፌብሩዋሪን ደግሞ ሁሉም ሰው ከየካቲት ጋር ያያይዛታል። ውሉ በአንድ ምት አራት ወር ወደ ፊት ሄደ። ወለድ ከውሉ ቀን ጀምሮ የሚታሰብ ከሆነ የአራት ወር ወለድ አከራካሪ ሆነ ማለት ነው። በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀን ወደ ወር ስም ሲለወጥ፣ የወር ስምም ወደ ቁጥር ሲለወጥ፣ ሁልጊዜ ጣት ተደርጎ መታየት አለበት።

በገንዘቡ ላይ የተፈጠረው የሁለት አኃዞች ቦታ መለዋወጥ ነው፤ 650 የነበረው 560 ሆነ። የሒሳብ ሠራተኞች ለዚህ ዓይነቱ ስህተት ጥሩ መለያ አላቸው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ሲለዋወጡ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ምንጊዜም ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። እዚህ ልዩነቱ 90 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 10። ልዩነቱ ለ9 ከተካፈለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአኃዝ መለዋወጥ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ጸሐፊው ዐረፍተ ነገሩን ለማሳጠር ሲል በቅንፍ ውስጥ በፊደል የተጻፈውን መጠን ማውጣቱ ነው። ገንዘብ በአኃዝና በፊደል ሁለት ጊዜ የሚጻፈው አንዱ ሲሳሳት ሌላው እንዲመሰክር ነው። ሁለተኛው ምስክር ስለተሰናበተ አዲሱን ደብዳቤ ለብቻው የሚያነብ ሰው ስህተቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ሦስተኛው ለውጥ ከሁሉም ጸጥ ያለ ነው። “15 የሥራ ቀናት” “15 ቀናት” ሆነ፤ “ደብዳቤው ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ” የሚለውም ወደቀ። ልዩነቱን በቀን መቁጠሪያ ላይ እንየው። ደብዳቤው ለደንበኛው የደረሰው ሰኞ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ነው እንበል፤ ቆጠራው በማግስቱ ይጀምር፣ ቅዳሜና እሑድም የሥራ ቀን አይሁኑ። ማክሰኞ ታኅሣሥ 29 ገና ስለሆነ አይቆጠርም፤ የዚያ ዓመት ጥምቀት እሑድ ላይ ስለዋለ ተጨማሪ ቀን አይወስድም። በዋናው ደብዳቤ መሠረት የመጨረሻው ቀን ማክሰኞ ጥር 13 ይሆናል። በአዲሱ ደብዳቤ መሠረት ግን ማክሰኞ ጥር 6 ነው። ደንበኛው ሙሉ ሳምንት አጣ፤ ያውም በበዓል ሰሞን። “ከደረሰዎት ቀን” የሚለው ስለጠፋም አንድ ሠራተኛ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ልቁጠር ቢል የሚከለክለው ቃል የለም።

አራተኛውና አምስተኛው የግዴታ ለውጦች ናቸው፤ አብረው ቢታዩ ይሻላል። በዋናው ላይ ተቋሙ ቃል የገባው አንድ ነገር ነው፦ በጊዜው ከተከፈለ የቅጣት ወለዱን ግማሽ ያነሣል። ያነሣል እንጂ ሊያነሣ ይችላል አላለም። ስለ ሕግ ክፍሉ ግን ዋናው ጥንቁቅ ነው፤ ሊመራው ይችላል ይላል። በአዲሱ ላይ ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ። ቃል የተገባው ምሕረት “ሊነሣልዎት ይችላል” ወደሚል ተስፋ ወረደ፣ “ግማሽ” የሚለው ቃልም ስለጠፋ ደንበኛው ወለዱ በሙሉ ይነሣልኛል ብሎ ሊጠብቅ ይችላል። አማራጭ የነበረው ክስ ደግሞ “እንመራዋለን” ወደሚል ቁርጥ ውሳኔ ወጣ። ከዚያም በላይ “ተቋሙ” የሚለው ባለቤት ጠፋ። “ሊነሣልዎት ይችላል” ሲባል የሚያነሣው ማን ነው? በአማርኛ ተገብሮ ግስ ለጸሐፊ ይመቻል፤ ማን እንደሚያደርግ ሳይናገር ዐረፍተ ነገሩ ይሞላል። አመሳካሪ ግን “ይከፈላል”፣ “ይነሣል”፣ “ይላካል” የሚሉ ግሶችን ሲያይ ዋናው ላይ ሠሪው ተጠቅሶ እንደነበር ማየት አለበት።

አንባቢ እዚህ ላይ እነዚህ አምስት ለውጦች ግልጽ ናቸው፣ ማንም ያገኛቸዋል ሊል ይችላል። ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንባቢውም ስህተት እንዳለ ተነግሮት ከሆነ አዎ። 187ኛው ደብዳቤ ላይ ከምሳ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አመሳካሪው ዋናውን ያነብና ሐሳቡን ይይዛል፤ ከዚያ አዲሱን ሲያነብ የያዘውን ሐሳብ እዚያ ውስጥ ያየዋል። አዲሱ ጽሑፍ ይበልጥ ባማረ ቁጥር ዓይን ይበልጥ ይንሸራተታል። በእኔ እምነት የዚህ ሥራ ዋናው ችግር ይህ ነው፤ የሚፈታውም ጽሑፍን ከጽሑፍ ጋር ማመሳከርን በመተው ነው።

የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ዋናዎቹን ደብዳቤዎች ብቻ ይይዛል፤ አዲሶቹን አያይም። ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ሦስቱን ነገሮች እያወጣ በሰንጠረዥ ይጽፋል። ቀን በሚለው ሥር ቀኑን ራሱንና የምን ቀን እንደሆነ ያስቀምጣል። ገንዘብ በሚለው ሥር መጠኑን፣ የምን ገንዘብ እንደሆነና ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምር አይጨምር ይመዘግባል። ግዴታ በሚለው ሥር ደግሞ ማን፣ ለማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንደሚያደርግ ይጽፋል፤ መጨረሻ ላይ “የግድ” ወይም “ይችላል” ብሎ ይለያል። ሌላ ሰው አዲሶቹን ብቻ ይዞ ያንኑ ሰንጠረዥ ይሞላል። የሚመሳከሩት ሁለቱ ሰንጠረዦች ናቸው። በሰንጠረዥ ላይ “15 የሥራ ቀን፣ ከደረሰበት” እና “15 ቀን፣ መነሻ የለም” ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚያምር ዐረፍተ ነገር የሚሸፍናቸው ነገር የለም።

ማመሳከሩ በሁለቱም አቅጣጫ መሆን አለበት። ብዙ ሰው ከዋናው ወደ አዲሱ ብቻ ይሄዳል፤ የጠፋውን ያገኛል፣ የተጨመረውን ግን አያገኝም። የተጨመረ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ በትሕትና መልክ ይመጣል። ጸሐፊው ደብዳቤውን ለማለዘብ “ማንኛውም ጥያቄ ካለዎት በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ እንሰጣለን” ብሎ ይዘጋዋል። ዋናው ላይ እንዲህ ያለ ቃል የለም፤ ተቋሙ ያላሰበውን ግዴታ ለ300 ሰው ገባ።

ሁለቱን ሰንጠረዦች በኤክሴል ላይ ማስቀመጥ ሥራውን ያቀላል። ከዋናው የወጣው በ`B`፣ ከአዲሱ የወጣው በ`C` ዓምድ ካለ፣ በ`D` ላይ ይህን መጻፍ ይበቃል፦

```
=IF(B2=C2,"","ይታይ")
```

ከመጻፍ በፊት ግን ዓምዶቹ `Text` ይሁኑ። ይህ ካልተደረገ ኤክሴል 12/02/2017ን በፈረንጅ አቆጣጠር ቀን አድርጎ ይወስደዋል፤ በኮምፒውተሩ አሠራር መሠረትም ዲሴምበር 2 ወይም ፌብሩዋሪ 12 ያደርገዋል። ይህ መድረሱ የሚታወቅበት ምልክት አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ 30/02/2017 የሚለው የእኛ ጥቅምት 30 ሳይለወጥ በግራ ይቀራል፤ የተለወጡት ግን ወደ ቀኝ ይሰለፋሉ። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን በግራ፣ ግማሹ በቀኝ ከታየ ማመሳከሩን አቁሞ ዓምዱን እንደገና መሙላት ነው።

ማሽኑ የማይረዳው ሌላም ነገር አለ። በአማርኛ አንዱ ቃል በብዙ ፊደል ይጻፋል፤ “ሠላሳ” እና “ሰላሳ”፣ “ጳጉሜ” እና “ጳጉሜን” ለሰው አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው። ፍለጋ ላይ አንዱን ጽፎ “የለም” የሚል መልስ ያገኘ ሰው በእርግጥ የለም ብሎ መደምደም የለበትም። ስለዚህ ወደ ሰንጠረዡ የሚገባው ሁሉ በአንድ መልክ ይግባ፦ ቁጥሩ በአኃዝ፣ ወሩ በተስማማንበት አጻጻፍ። “ግማሽ”፣ “እጥፍ”፣ “በሚቀጥለው ወር መጨረሻ” የሚሉት አኃዝ የሌላቸው መጠኖችና ቀኖችም መግባት አለባቸው፤ አኃዝ ብቻ የሚፈልግ ሰው የሚያልፋቸው እነሱን ነው።

ከአኃዝ አጠገብ የሚቆሙ ትናንሽ ቃላትን ደግሞ በተለየ ዓይን ማየት ያስፈልጋል፦ ብቻ፣ ቢያንስ፣ ቢበዛ፣ እስከ፣ በፊት፣ በላይ፣ ያላነሰ፣ በስተቀር። ጸሐፊ ሲያሳጥር መጀመሪያ የሚቆርጠው እነዚህን ነው፤ ቢወጡም ዐረፍተ ነገሩ ይቆማልና። ዋናው “ከ30 ቀን ያላነሰ ማስጠንቀቂያ” ብሎ ከነበረ 30 ቀን ራሱ ይበቃል። አዲሱ “ከ30 ቀን በላይ ማስጠንቀቂያ” ካለ ግን 31 ያስፈልጋል። “እስከ ጥር 13” ሲባል ጥር 13 ራሱ ይገባል፤ “ከጥር 13 በፊት” ሲባል አይገባም። አኃዙ በሁለቱም ላይ አንድ ስለሆነ ቁጥር የሚያወዳድር ፎርሙላ ምንም አያይም። ለዚህ ነው በሰንጠረዡ ላይ አኃዙ ብቻ ሳይሆን ከፊቱና ከኋላው ያለው ቃል አብሮ መጻፍ ያለበት።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ደንበኞች የሚሄዱ ደብዳቤዎች ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ፤ ጸሐፊው ለአሜሪካ ወይም ለዱባይ ነዋሪ እንዲመች ብሎ ቀኑን ወደ እ.ኤ.አ. ይለውጠዋልና። የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ነው፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው የኅዳርን ቀን በ8 ያሰላና ደብዳቤውን አንድ ዓመት ያዛንፈዋል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ የሚመጣው አዲስ ዓመት ደግሞ በሴፕቴምበር 12 ስለሚውል እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። እንዲህ ባለ ደብዳቤ ላይ የእኛው ቀን ሳይነካ ቀርቶ የእነሱ በጎኑ ቢጻፍ ይሻላል።

ሁሉም ደብዳቤ መታየት አለበት ወይስ ናሙና ይበቃል? ሥራ ሲበዛ ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ከ300 ደብዳቤዎች 10ሩ ስህተት አለባቸው እንበል፤ በዘፈቀደ 30 ወስደን እንመልከት። ከ10ሩ አንዱ እንኳ ናሙናው ውስጥ ሳይገባ የመቅረቱ ዕድል ሲሶ ያህል ነው። ይህ ማለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ቢሠራ አንድ ጊዜ ገደማ “ንጹሕ ነው” የሚል መልስ ይመጣል፣ አሥር ሰዎችም የተሳሳተ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ናሙና የሚጠቅመው ሁሉም ደብዳቤ የወጣበት አንድ ቅጽ ሲሳሳት ነው፤ ያ ስህተት ሁሉም ላይ ስላለ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች ይታያል። በአንድ ደብዳቤ ላይ ብቻ ለደረሰ ስህተት ግን ያንኑ ደብዳቤ ከማየት ሌላ መንገድ የለም። የአጻጻፍ ለዛን በናሙና መገምገም ይቻላል፤ ቀን፣ ገንዘብና ግዴታ ግን በሙሉ ይታዩ።

አመሳካሪው ራሱ ምን ያህል እንደሚያይ ማወቅም ይቻላል። አንድ ሦስተኛ ሰው በ10 ደብዳቤዎች ላይ ሆን ብሎ ስህተት ያስገባል፣ የት እንዳስገባም ዝርዝሩን ይይዛል። አመሳካሪው ከእነዚያ 10 ስምንቱን ካገኘ ከአሥር ስምንት ያህል ያያል ማለት ነው። በዚያው ሥራ 12 እውነተኛ ስህተቶችን አግኝቶ ከሆነ በጠቅላላው 15 ገደማ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሦስት ያህሉ አሁንም ክምሩ ውስጥ ናቸውና ሌላ ሰው እንደገና ይየው። ግምቱ የሚያስኬደው የገቡት ስህተቶች እውነተኞቹን የሚመስሉ ከሆነ ነው። አኃዝ ብቻ ለውጦ መፈተን ቀላል ፈተና ነው፤ “ብቻ”ን ማውጣት፣ “ያነሣል”ን “ሊያነሣ ይችላል” ማድረግም ይጨመርበት። ዝርዝሩ ሳይጠፋ ሁሉም የተተከሉ ስህተቶች ከፊርማ በፊት መነቀላቸውም ይረጋገጥ።

ለመጨረሻው ዙር የቆየው የአራሚዎች ልማድ እስካሁን የሚተካው አላገኘም። ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ዋናውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው አዲሱን በጣቱ ይከተላል። ገንዘብ ሲደርስ “አርባ ስምንት ሺህ…” ተብሎ ሳይሆን አኃዝ በአኃዝ “አራት፣ ስምንት፣ ስድስት፣ አምስት፣ ዜሮ” ተብሎ ይነበባል። እንዲህ ሲነበብ ሦስተኛው ላይ አምስት የሚያየው ሰው ወዲያው ያቆማል። ሠላሳ ደብዳቤ ካነበቡ በኋላ ቦታ ቢለዋወጡ መልካም ነው።

ልዩነት ሲገኝ ማን ይወስን? አመሳካሪው አይወስንም። በተለይ ስህተቱ ዋናው ላይ ሲሆን ይህ ፈታኝ ነው። ዋናው “ሰኞ ጥር 13 ቀን 2017” ይላል እንበል፤ ጥር 13 ያን ዓመት ማክሰኞ ነበር። ቅን ጸሐፊ “ማክሰኞ ጥር 13” ብሎ ያርመዋል። ግን ባለጉዳዩ ክፍል ያሰበው ሰኞ ጥር 12ን ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እርማት ትክክል ይመስላል፣ አንዱ ግን የአንድ ሰው የመክፈያ ቀን ላይ ስህተት ነው። የዋናው ስህተት በዝምታ አይታረም፤ ተጽፎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ወደ ባለጉዳዩ ክፍል ይመለሳል፣ መልሱም በፊርማ ይመጣል። 297 ደብዳቤ ተስማምቶ ሦስቱ መልስ የሚጠብቁ ከሆነ 297ቱ ይሂዱ፤ ሦስቱ ይቆዩ።

ደብዳቤው የሚደርስዎ እርስዎ ከሆኑ ደግሞ፣ ከባንክ፣ ከአከራይ ወይም ከአሠሪ አዲስ መልክ ያለው ወረቀት ሲመጣ አሮጌውን አይጣሉ። ውሉን አውጥተው ቀኑን፣ ገንዘቡንና ማን ምን እንደሚያደርግ ጎን ለጎን ይመልከቱ። ካልተስማሙ ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የጠየቁበትንም ወረቀት ቅጂ ያስቀሩ።